ተጨማሪ መረጃ፦ ከሰው ሳይወጣ የሚራባው ትል

አብዛኞቹ የአንጀት ትሎች እንቁላላቸው ወደ ውጭ ሳይወጣ በሰው አካል ውስጥ ቁጥራቸው አይጨምርም። ስትሮንጊሎይድስ ስተርኮራሊስ ግን ከዚህ ይለያል። እንቁላሉ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ብዙዎቹ እጮች ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ጥቂቶቹ ግን እዚያው ወደ ወራሪ እጭነት ተለውጠው የትልቁን አንጀት ግድግዳ ወይም የፊንጢጣ አካባቢ ቆዳን ሰርስረው ደም ውስጥ ይገባሉ። ከዚያም በሳንባ በኩል ወደ ጉሮሮ ወጥተው፣ ተውጠው ወደ ትንሹ አንጀት ይመለሳሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታይላንድና በርማ የባቡር ሐዲድ ሥራ የተሰማሩ ምርኮኞች አገራቸው ከገቡ ከ30 ዓመት በኋላም ትሉ የተገኘባቸው ለዚህ ነው።

የሰውነት መከላከያ እነዚህን ተመላሾች ጥቂት አድርጎ ይይዛቸዋል። ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ሲሰጥ ግን ይህ ቁጥጥር ይላላል፤ መድኃኒቱ የእጮቹን ለውጥ ራሱ ሳያፋጥን እንደማይቀርም ይገመታል። እጮቹ በብዛት አንጀትን ሲበሱ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ይዘው ወደ ደም ስለሚገቡ፣ ታማሚው በደም መመረዝ ወይም በማጅራት ገትር ሊሞት ይችላል።

ምልክቱ የሆድ ሕመም፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር በመሆኑ አስም የባሰ ይመስላል፤ ስቴሮይድ ሲጨመር ደግሞ አደጋው ይከፋል። የኢዮሲኖፊል ቁጥር ላይጨምር፣ አንድ የሰገራ ምርመራም ትሉን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ትሉ በሚገኝበት አካባቢ የኖረ ሰው ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ይመረመራል፤ ካልተቻለም አይቨርሜክቲን ይሰጠዋል።