የአንድ ጆንያ ድንች ሁለት ጠባይ፦ የሚፈርሰውና መሐሉ የማይበስለው

ሐዋሳ፦ በሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ምግብ ቤት የሚያስተዳድሩ አንዲት ወይዘሮ በማለዳ ከአንድ ጆንያ የቀነሱትን ድንች አጥበው በአንድ ብረት ድስት ይጥዳሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከፈላ በኋላ ክዳኑን ሲያነሡ ከፊሉ ድንች ቆዳው ተሰነጣጥቆና ፈርሶ ውሃውን አደፍርሶት ያገኙታል። ከፊሉ ደግሞ ውጭው ለስልሶ ሳለ መሐሉ ላይ ቢላዋ አልገባ ይላል። ድስቱን እንዳያቆዩት የፈረሰው ጨርሶ ይሟሟል፤ እንዳያወጡት ጥሬው ለደንበኛ አይቀርብም። በዚህ ጊዜ ወይዘሮዋ የሚወቅሱት እሳቱን ሳይሆን ድንቹን ያመጣላቸውን ነጋዴ ነው። ነጋዴውም በበኩሉ በሚቀጥለው ገበያ ጆንያው የመጣበትን ማኅበር ድንች ዋጋ ቀንሶ ይጠይቃል።

ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የድንቹ አይደለም። የፈረሰውም ሆነ መሐሉ የጠነከረው ለየራሱ ሥራ ጥሩ ድንች ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ጠባያቸው የተለያየ ድንቾች በአንድ ጆንያ ውስጥ መግባታቸውና በአንድ ድስት መጣዳቸው ነው። ይህን መለየት ደግሞ ከምግብ ቤቱ በፊት በማሳና በማኅበሩ የመሰብሰቢያ ስፍራ የሚሠራ ሥራ ነው።

የሚፈርሰው ስለምን ይፈርሳል?

ድንች በአብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ቢወገድ ከሚቀረው ደረቅ ክፍል አብዛኛው ስታርች ይሆናል። ስታርቹ ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ሕዋሶች ውስጥ ታምቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ሕዋሶቹን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ፔክቲን የተባለ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ነው። ድንቹ ሲሞቅና ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ስታርቹ በአካባቢው ያለውን ውሃ እየመጠጠ ያብጣል። ሙቀቱ ወደ መፍላት ሲቃረብ ደግሞ ሙጫው መሟሟት ይጀምራል።

ስታርቹ ብዙ በሆነ ድንች ውስጥ ያበጡት ሕዋሶች ይወጠራሉ፤ ሙጫውም ሲላላ አንዱ ከሌላው ይለያያል። እንዲህ ያለው ዱቄታማ ድንች ሲበላ ደረቅና ፍርፍር የሚል ሲሆን፣ ጥቂት ሲቆይ ወይም ውሃው በኃይል ሲንተከተክ ይፈርሳል። ስታርቹ አነስተኛ የሆነው ውሃማ ድንች ግን ሕዋሶቹ ስለማይወጠሩ ተያይዞ ይቀራል፤ ተቆርጦ በዘይትና በሎሚ ሲታሽም ቅርጹን አይለቅም። ስለዚህ ለተፈጨ ድንችና መረቁ እንዲወፍር ለሚፈለግ ሾርባ ዱቄታማው ይመረጣል፤ ለሰላጣና ቁራጩ ሳይፈርስ ለሚቀርብ አልጫ ደግሞ ውሃማው ይስማማል።

እዚህ ላይ የቆዳ ቀለም መለያ እንደማይሆን መታወቅ አለበት። ቀይ ድንች ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ነጭ ድንችም ሁሉ ሌላ ዓይነት ጠባይ አይኖረውም።

መሐሉ ጠንክሮ የሚቀረውስ?

የመጀመሪያው ምክንያት የመጠን ልዩነት ነው። ሙቀት ከቆዳው ወደ መሐል የሚገባው ቀስ ብሎ ስለሆነ የቡጢ ያህል ድንች የእንቁላል ያህሉ ከሚበስልበት ጊዜ እጅግ የበለጠ ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድነት ሲጣዱ ትንሹ ሲፈርስ ትልቁ ገና ይሆናል። ሙሉው ድንች በፈላ ውሃ ውስጥ ሲጣልም ውጭው መሐሉን ይቀድመዋል። ስለዚህ ሙሉ ድንች ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር መጣድ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በድንች ውስጥ የሚገኝ አንድ ኢንዛይም ሙቀቱ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ ሥራውን ያፋጥናል። ይህም ኢንዛይም ሙጫውን ከካልሲየም ጋር እንዲተሳሰር ስለሚያደርገው የጠነከረው ሙጫ በኋላ ውሃው ቢፈላም በቀላሉ አይሟሟም። ትልቅ ድስት በደከመ ከሰል ላይ ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ ሲቆይ፣ ወይም በግማሽ የበሰለ ድንች ወርዶ ከቆየ በኋላ እንደገና ሲጣድ ይህ ይደርሳል። ሰዓት ቢጨመርለትም አልለሰልስ የሚል ድንች ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ የገባበት ወጥም ድንቹን ያዘገየዋል፤ አሲድ የሙጫውን መሟሟት ይገታልና። ስለዚህ ድንቹ ከለሰለሰ በኋላ ቲማቲሙን መጨመር ይሻላል።

ሦስተኛው የቦታው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ያህል ከፍ በተባለ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሐዋሳ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 2,700 ሜትር ከፍታ ባለው የደጋ ቀበሌ ግን 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ድንቹን በደጋ ያመረተው ገበሬ በቤቱ ሲቀቅለው «ይዘገያል» የሚለው ያው ድንች ሐይቅ ዳር ሲደርስ ቶሎ ሊበስልና ሊፈርስ ይችላል።

በማሳ የሚበላሽ ጠባይ

የዘሩ ዓይነት በስታርች መጠን ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በሻሸመኔ አካባቢ እንደ አጋዘርና ነጭ አበባ ያሉት የገበሬ ዘሮች ሲመረቱ ቆይተዋል። በሆለታ የምርምር ማዕከል በኩልም ጃለኔ በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ተለቅቀዋል። ሆኖም የዘሩን ስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ዘር በሁለት ማሳ ላይ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ሳይደርስ መቆፈር ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ስታርች ወደ ድንቹ መውረዱን ይቀጥላል። ዋጋ ጥሩ ነው ተብሎ ቀድሞ የተቆፈረ ድንች ውሃማ ይሆናል። ዩሪያ ሲበዛም ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ስለሚያራዝም መድረሱ ይዘገያል። አገዳውን ከመቆፈሩ ሁለት ሳምንት ያህል በፊት ማጨድ ቆዳውን እንደሚያጠነክር የታወቀ ነው። ነገር ግን አገዳው ገና ለምለም ሳለ ከታጨደ ቆዳው ይጠነክራል እንጂ ስታርቹ አይጨምርም። በመሆኑም በአውራ ጣት ሲታሽ ቆዳው አለመላጡ ብቻ ድንቹ ለመድረሱ ማስረጃ አይሆንም። አገዳው መታጨድ ያለበት ቅጠሉ ቢጫ መሆን ከጀመረ በኋላ ነው።

ሌላው ችግር ዝናብ ቋርጦ ሲመለስ የሚከሰት ነው። በድርቁ ጊዜ ማደጉን ያቆመ ድንች ዝናቡ ሲመለስ እንደገና ይነሣና ጎኑ ላይ ጉብታ ያወጣል። አዲሱ ጉብታ ስታርቹን ከቀድሞው ክፍል ስለሚስብ የቀድሞው ክፍል መስታወት መስሎ ውሃማ ይሆናል። እንዲህ ያለው ድንች አንድ ወገኑ ሲበስል ሌላው ወገን እርጥብና ያልበሰለ መስሎ ይቀራል። ጉብታ ያለበት ድንች ከጆንያው ተለይቶ ሊወጣ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

በጨው ውሃ የሚደረግ ፈተና

ስታርች ከውሃ ይከብዳል። በዚህም ምክንያት ዱቄታማ ድንች ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ሲሰጥም ውሃማው ይንሳፈፋል። ለፈተናው የሚያስፈልገው አንድ ባልዲ፣ 9 ሊትር ውሃና 1 ኪሎ ደቃቅ ጨው ብቻ ነው። ሚዛን በሌለበት ቤት 1 ብርጭቆ ጨው በዚያው ብርጭቆ በተለካ 11 ብርጭቆ ውሃ መበጥበጥ ይቻላል። ጨው ከሥር እንዳይቀር እስኪሟሟ ድረስ ማማሰል ያስፈልጋል።

ከአንድ ጆንያ ከአናቱ፣ ከመሐሉና ከሥሩ በጠቅላላው 20 ድንች ይወሰድ። አፈሩ በደንብ ታጥቦና ደርቆ አንድ በአንድ በባልዲው ውስጥ ይግባ። ለምሳሌ 12ቱ ሰጥመው 8ቱ ቢንሳፈፉ ጆንያው ድብልቅ ነው ማለት ነው፤ የሐይቅ ዳሯ ወይዘሮ የገጠማቸውም እንዲህ ያለው ጆንያ ነው። 18 ወይም ከዚያ በላይ ከሰጠመ ጆንያው ዱቄታማ ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። 18 ወይም ከዚያ በላይ ከተንሳፈፈ ደግሞ ለሰላጣና ለአልጫ ነው።

ፈተናው የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። መሐሉ ክፍት የሆነ ድንች ዱቄታማ ቢሆንም አየር ስላለበት ይንሳፈፋል። ስለዚህ ከተንሳፈፉት ሁለት ሦስቱን ሰንጥቆ ማየት ይገባል። በጨው ውሃ የገባው ድንች ታጥቦ በዚያው ቀን ይበላ እንጂ ወደ ጆንያው አይመለስ።

ከዚያ በኋላ ከሰጠመው ሦስት፣ ከተንሳፈፈው ሦስት፣ መጠናቸው እኩል የሆኑትን መርጦ ከነቆዳቸው በቀዝቃዛ ውሃ በአንድነት መጣድ ነው። እሳቱ እስኪፈላ ሳይደክም ይነድና፣ ከፈላ በኋላ ውሃው በዝግታ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ይቀነስ። ውሃው ከፈላ 20 ደቂቃ ሲሆነው፣ ከዚያም በየ5 ደቂቃው በቀጭን ቢላዋ መሐሉ ይወጋ። ቢላዋው ያለ ኃይል ከገባ በስሏልና ወዲያው ከውሃው ይውጣ። የተሰነጣጠቀውና ጸንቶ የቀረው የትኛው እንደሆነ በዓይን ይታያል።

የማኅበሩ ሥራ

ማኅበሩ ከዚህ የሚወስደው ውሳኔ ቀላል ነው። የአባላቱ ድንች በአንድ ክምር ላይ ከመገልበጡ በፊት የእያንዳንዱ ማሳ ምርት ለብቻው ይቆይ፤ ከየማሳው 20 ድንች ይፈተን፤ ጠባያቸው የተቀራረበው ብቻ በአንድነት ይቀላቀል። ቀጥሎም በመጠን ቢያንስ የቡጢና የእንቁላል ያህሉ ይለያይ። በጆንያው ላይ የዘሩ ስም፣ የተቆፈረበት ቀንና «ዱቄታማ» ወይም «ለሰላጣ» የሚል ምልክት ይታሰር። አባሉ ለዘር የሚያስቀረውን ድንች ግን በጨው ውሃ እንዳይነካው ቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት።

ምልክቱን ያየው ነጋዴ ለሐይቅ ዳር ምግብ ቤቶች የትኛውን ጆንያ ለየትኛው ሥራ እንደሚያቀርብ ያውቃል። ወይዘሮዋም ለሾርባው አንዱን፣ ለሰላጣው ሌላውን ይጥዳሉ፤ ድስቱ ሲከፈትም የሚወቀስ ገበሬ አይኖርም።