በየስምንት ሰዓቱ የሚቆረጠው ክፍያ

በስልኩ ቢትኮይን የሚነግድ ሰው የመገበያያውን ገጽ ሲከፍት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። ከዋጋው አጠገብ ግን በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ሌላ ነገር አለ። `Funding / Countdown` ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ 0.0100% የሚል ቁጥርና ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ይታያል። ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ ከአንዱ ነጋዴ ሒሳብ ገንዘብ ተቆርጦ ወደ ሌላው ይገባል። ዋጋው ሳይወርድ ገንዘባቸው እየሳሳ ግራ የሚገባቸው ብዙ ጀማሪዎች ምክንያቱን እዚህ ቁጥር ላይ ያገኙት ነበር። ቁጥሩ ፈንዲንግ ሬት ይባላል፤ የተቀመጠውም ገበያው ያለ እሱ ሊቆም ስለማይችል ነው።

ለምን እንደማይችል ለማየት ከቡና እንነሣ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር ያቋቋመው የስፖት ግብይት ነው። መጋዘን የገባ ቡና በዕለቱ ዋጋ ይሸጣል፣ ገዢው ይከፍላል፣ ይረከባል። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ ላኪዎቻችን ከውጭ ገዢ ጋር ሲደራደሩ መነሻ የሚያደርጉት ሌላ ዋጋ አለ፤ “ሲ” ተብሎ የሚጠራው የአረቢካ ቡና ፊውቸርስ ውል ዋጋ ነው። እዚያ የሚሸጠው ወደፊት በተወሰነ ወር ለመረካከብ የሚገባ ውል ነው። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ቡና ይይዛል፤ ወደ 17 ቶን ገደማ መሆኑ ነው። የርክክብ ወራቱ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር ናቸው። ውሉን የገዛ ሰው ሙሉውን ዋጋ አይከፍልም፤ ማርጂን የሚባል መያዣ ያስይዛል፣ ትርፍና ኪሳራው በየቀኑ እየተሰላ ከመያዣው ይቀነሳል ወይም ይደመርበታል።

አብዛኛው ነጋዴ ቡናውን የመረከብ ሐሳብ የለውም፤ ቀኑ ሳይደርስ ውሉን መልሶ ይሸጣል። ታዲያ የወረቀቱን ዋጋ ከእውነተኛው ቡና ጋር ምን ያገናኘዋል? የርክክቡ ቀን ነው። የጁላይ ውል ጊዜው ሊያበቃ ተቃርቦ ሳለ በመጋዘን ካለው ተመሳሳይ ቡና በፓውንድ 10 ሳንቲም ቢረክስ፣ አንድ ነጋዴ ውሉን ገዝቶ ቡናውን ተረክቦ ወዲያው ቢሸጠው በአንድ ውል 3,750 ዶላር ያተርፋል፤ ከዚያ ላይ የሚቀነሰው የማጓጓዣና የአገልግሎት ወጪ ነው። ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች ውሉን ይሻሙበታል፣ ዋጋውም ይወጣል። ውሉ ከተወደደ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ቀኑ ገና ሩቅ ሳለ ሁለቱ ዋጋዎች በመጋዘን ኪራይ፣ በወለድና በአቅርቦት ምክንያት ሊራራቁ ይችላሉ፤ የርክክቡ ቀን በቀረበ ቁጥር ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል።

ፐርፔችዋል ስዋፕ የሚባለው ውል ይህን ቀን ያስቀረ ነው። ጊዜው አያበቃም፣ ርክክብም የለውም። ሐሳቡ ከቢትኮይን ይቀድማል። የየል ዩኒቨርሲቲው ኢኮኖሚስት ሮበርት ሺለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት እንደ ቤት ዋጋ ላሉ፣ አስረክበው ሊጨርሷቸው ለማይችሉ ነገሮች እንዲህ ያለ ማብቂያ የሌለው ውል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ግን በክሪፕቶ ገበያ ነው፤ ቢትሜክስ የተባለው የመገበያያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የቢትኮይን ፐርፔችዋል ውል ካወጣ በኋላ ሌሎቹ ተከተሉት። ነጋዴዎች የወደዱት ውሉ ባበቃ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ወር መዛወር ስለሌለባቸው ነው። የርክክብ ቀን ከሌለ ግን ዋጋውን ወደ ስፖቱ የሚጎትተው ኃይልም አብሮ ይጠፋል። ሰዎች ተስፋ ባደረጉ ጊዜ የውሉ ዋጋ ከእውነተኛው ቢትኮይን በላይ ወጥቶ እዚያው ሊቀር ይችላል። ፈንዲንግ የገባው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ከበርካታ የስፖት ገበያዎች ዋጋ አሰባስቦ አማካዩን ያወጣል፤ ይህ ኢንዴክስ ይባላል። የውሉ ዋጋ ከኢንዴክሱ በላይ ሲሆን ይወጣል ብለው የገዙት፣ በነጋዴው ቋንቋ ሎንግ የገቡት፣ ይወርዳል ብለው ለሸጡት፣ ሾርት ለገቡት፣ ይከፍላሉ። የውሉ ዋጋ በበቂ መጠን ከኢንዴክሱ በታች ሲወርድ ሾርቶቹ ለሎንጎቹ ይከፍላሉ። ገንዘቡ የሚሄደው ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ነው፤ ድርጅቱ የሚያገኘው በግዢና በሽያጭ ላይ የሚያስከፍለውን ኮሚሽን ነው። እንደ ባይናንስ ባሉ ትልልቅ ገበያዎች የቢትኮይን ውል በተለመደው አሠራር በየስምንት ሰዓቱ ይከፈልበታል፤ በእኛ ሰዓት ሌሊት 9፣ ረፋድ 5 እና ምሽት 1 ሰዓት ላይ። በዚያች ቅጽበት ውል ያልያዘ አይከፍልም፣ አይቀበልምም።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። ኢንዴክሱ 100,000 ዶላር ነው እንበል፤ የውሉ ዋጋ ደግሞ ስምንቱን ሰዓት በአማካይ 100,200 ሆኖ ዋለ። ልዩነቱ 0.2 በመቶ ነው። በተለመደው ቀመር ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ክፍያው 0.01 በመቶ ላይ ይቆያል፤ በገጹ ላይ 0.0100% የሚለው ቁጥር ደጋግሞ የሚታየውም ለዚህ ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ክፍያው አብሮት ይወጣል፤ እዚህ 0.2 ላይ 0.05 ተቀንሶለት 0.15 በመቶ ይሆናል።

አሁን አንድ ሙሉ ቢትኮይን የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ነጋዴ ይህን ያያል። በስፖት ገበያ አንድ ቢትኮይን በ100,000 ይገዛል፤ በዚያው ቅጽበት በፐርፔችዋል ገበያ የአንድ ቢትኮይን ሾርት በ100,200 ይገባል። ከዚህ በኋላ ቢትኮይን ቢወጣም ቢወርድም በአንዱ ያጣውን በሌላው ያገኘዋል። እስከዚያው ግን በመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ወደ 150 ዶላር ይቀበላል፤ ሁለቱ ዋጋዎች ሲገናኙ ደግሞ የ200 ዶላሩን ልዩነት ይጨምራል። እንደ እሱ ያሉት ሲበዙ ስፖቱን እየገዙ ያስወድዱታል፣ ውሉን እየሸጡ ያረክሱታል። ክፍያው የከበዳቸው ሎንጎችም መውጣት ይጀምራሉ። ክፍተቱ የሚጠብበው በዚህ መንገድ ነው። ፈንዲንግ ራሱ ዋጋውን አያንቀሳቅስም፤ ዋጋውን የሚያንቀሳቅሱት ክፍያውን ፈልገው የሚመጡትና ክፍያውን ሸሽተው የሚወጡት ሰዎች ናቸው።

ከክፍያው በሌላኛው ወገን ያለው ሰው ጉዳይ ነው እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ። አንድ ወጣት 1,000 ዶላር አለው እንበል። አሥር እጥፍ ሌቨሬጅ ተጠቅሞ የ10,000 ዶላር ሎንግ ገባ። 0.01 በመቶ የሚለውን ሲያይ ከሺህ ዶላሩ የአሥር ሳንቲም ጉዳይ ይመስለዋል። ክፍያው የሚሰላው ግን ካስያዘው ገንዘብ ላይ ሳይሆን ከጠቅላላው ውል ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ 1 ዶላር፣ በቀን 3 ዶላር፣ በወር ወደ 90 ዶላር ይከፍላል። ዋጋው ፈቅ ሳይል ከገንዘቡ 9 በመቶው በአንድ ወር ሄደ ማለት ነው፤ ያውም ገበያው በተረጋጋበት ወቅት።

ገበያው ሲሞቅ፣ ሁሉም ሎንግ ለመግባት ሲጋፋ፣ ክፍያው ወደ 0.05 በመቶ ይወጣል እንበል። ልጃችን በቀን 15 ዶላር፣ በአሥር ቀን 150 ዶላር ይቆረጥበታል። ሌላ ገንዘብ በሒሳቡ ከሌለው መያዣው ወደ 850 ዶላር ይወርዳል። መጀመሪያ ሲገባ ዋጋው ወደ 9 በመቶ ተኩል ካልወረደ በስተቀር ውሉ በግድ አይዘጋበትም ነበር። አሁን 8 በመቶ ገደማ መውረዱ ብቻ ይበቃል። ሊኩዊዴሽን የሚባለው ይህ በግድ መዘጋት በየክፍያው ትንሽ ትንሽ እየቀረበው ነው፤ ቢትኮይን በአንድ ቀን እንዲህ ሲወርድ ደግሞ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ቁጥሩን እንደ ትንቢት የሚያነቡም አሉ። “ፈንዲንጉ ኔጌቲቭ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ይወርዳል ብሏል” ይላሉ። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ሲቀይር ይህ በግልጽ ታይቷል። ሰንሰለቱ ለሁለት ሲከፈል ስፖት ኢቴሪየም የያዘ ሰው ተጨማሪ አዲስ ኮይን በነፃ ያገኛል ተብሎ ስለተጠበቀ፣ ብዙዎች ስፖቱን ገዝተው ከዋጋ መውረድ ለመጠበቅ በፐርፔችዋል ሾርት ገቡ። ፈንዲንጉ ከዜሮ በታች ርቆ ወረደ፤ ለውጡ እንዳለፈም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። እነዚያ ሾርቶች የኢቴሪየምን መውደቅ የተነበዩ አልነበሩም።

ማሠሪያው የሚላላበት ጊዜም አለ። ፈንዲንግ የሚሠራው በሰዓታት ሲሆን ድንጋጤ ግን በደቂቃዎች ይመጣል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ በቻይና ዕቃዎች ላይ ተጨማሪ የ100 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ ሲያስታውቁ፣ በአንድ ቀን ገደማ ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል በግድ ተዘጋ። ኪሳራው የከሳሪዎቹን መያዣ ሲያልፍ አንዳንድ ገበያዎች የአትራፊ ሾርቶችንም ውል መዝጋት ጀመሩ። ከላይ ያየነው ዓይነት፣ ስፖት ገዝቶ ሾርት የገባ ጥንቁቅ ነጋዴ፣ ሾርቱ ሳይጠይቀው ተዘግቶ እየወደቀ ያለውን ኮይን ብቻ ይዞ የቀረበት አጋጣሚ ነበር። አደጋ የለውም የሚባለው ንግድ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አገር ውስጥ ላለ አንባቢ ሌላም ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በሰጠው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ በእነዚህ ገበያዎች ላይ ገንዘቡ የጠፋበት ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ያገኛል ብሎ መጠበቅ አይችልም። ይህን ሁሉ አውቆም የሚገባ ካለ፣ ከመግባቱ በፊት አንድ ስሌት ይሥራ፦ በገጹ ላይ ያለውን መቶኛ ካስያዘው ገንዘብ ጋር ሳይሆን ከጠቅላላው የውል መጠን ጋር ያባዛው፣ በየስምንት ሰዓቱ የሚከፈል ከሆነም በሦስት ያባዛው፣ ያገኘውን የአንድ ቀን ወጪ ካለው ገንዘብ ጋር ያስተያየው። ውሉን ለሁለት ሳምንት ለመያዝ ካሰበ በ14 ያባዛው። ያ ቁጥር የሚያስደነግጠው ከሆነ ውሉን አይክፈተው።