የተወሰነ የምንዛሪ ዋጋ የባንክን እጅ እንዴት እንደሚያስር

አንድ የወልድያ ነጋዴ ለመርሳና ለሀብሩ የመስኖ ገበሬዎች የሚሸጠው የውሃ መሳቢያ ሞተር ከውጭ አገር ሊያስመጣ አሰበ እንበል። ዘመኑም አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር የነበረበት፣ ይኸውም ከ1965 ዓ.ም. እስከ 1985 ዓ.ም. መስከረም ድረስ የቆየው ዘመን ይሁን።

ነጋዴው 207,000 ብር ተበደረ። ብድሩ በአገር ውስጥ አዲስ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ የውጭው ፋብሪካ ብር አይቀበልምና ነጋዴው ብሩን ለብሔራዊ ባንክ አስረክቦ 100,000 ዶላር ይጠይቃል። ባንኩ ዋጋውን ወስኖ ቃል ገብቷልና መስጠት ግዴታው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በብድር የወጣው ብር ተመልሶ ከገበያ ጠፋ፤ ከመጠባበቂያውም 100,000 ዶላር ወጣ። ባንኩ ይህን ለመተካት እንደገና ቢያበድር ዶላሩ እንደገና ይወጣል። በርግጥ ብሩ ሁሉ በአንድ ቀን አይመለስም፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። ወለድን ዝቅ ቢያደርግም፣ ባለገንዘቦች ገንዘባቸውን በነጻ ማዛወር ከቻሉ የተሻለ ወለድ ወደሚያገኙበት አገር ይልኩታል። ስለዚህ የባንኩ ወለድ የራሱ መሆኑ ቀርቶ የውጭውን ወለድ ተከታይ ይሆናል።

ዋጋውን ለመከላከል ባንኩ በመጀመሪያ ከመጠባበቂያው ዶላር ይሸጣል። ይህ ሲሳሳበት ብድርን ያጠብባል፤ ወለድንም ከፍ ያደርጋል። ሁለቱንም ካልወደደ የቀረው በሩን መዝጋት ነው። አገራችን የመረጠችው ይህን የኋለኛውን ነበር። ቡና ላኪው ያገኘውን ዶላር ለባንክ ያስረክባል፤ አስመጪውም ፈቃድ ጠይቆ ተራውን ይጠብቃል። የእኛም የወልድያ ነጋዴ ሞተሩን ሳያይ ወራት ሊያልፉበት ይችሉ ነበር።

በሩ ሲዘጋ ባንኩ ወለዱን እንደ ፈቀደ መወሰን ቻለ፤ ነጻነቱ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። በደርግ ዘመን መንግሥት ለጦርነቱም ለሌላውም ወጪ ከባንኩ እየተበደረ ብሩ በዛ። የወጣው ብር ዶላር መግዣ ስላጣ ወደ ጥቁር ገበያ ሄደ፤ በዚያም የዶላር ዋጋ ከመንግሥቱ ተመን ከዕጥፍ በላይ ደረሰ። የተመን መታመም የሚታወቀውም ከዚሁ ነው፤ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋና የፈቃድ ጠባቂው ሰልፍ ሲረዝም፣ በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ባይነካም መከላከያው አልቋል ማለት ነው። ይህንንም ሸክም ከማንም ይልቅ የተሸከመው ቡና አምራቹ ይመስለኛል፤ የላከው ቡና 100 ዶላር ቢያወጣ በአገር ውስጥ የሚመነዘረው በ207 ብር ብቻ ነበርና።

መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ተመኑ ወደ 5 ብር ሲለወጥ ያው 100 ዶላር 500 ብር ሆነ። ከዚያም በኋላ ባንኩ የዶላር ጨረታ ጀመረ፤ ሆኖም ዋጋውን በቅርብ መቈጣጠሩን አልተወም፤ የጥቁር ገበያውም ርቀት ኋላ እንደገና ሰፋ። ዋጋውን ባንኮችና ደንበኞቻቸው ተስማምተው እንዲወስኑት የተፈቀደው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።