«አድሱልኝ» ያልተባለው ውል

በኒውዮርክ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ እንበል። የማቀዝቀዣዎቹ የጥገና ውል ዲሴምበር 31 ያበቃል፤ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተሰረዘ ግን በራሱ ለአንድ ዓመት ይታደሳል። ባለቤቱ ዲሴምበርን ሲጠብቅ ዋናው ቀን፣ ኖቬምበር 1፣ ያመልጠዋል።

ለቴክኒሻኑ በስልክ «በቃን» ማለት ዋጋ የለውም። ደብዳቤው የውሉን ቁጥርና የማሽኖቹን መለያ ጠቅሶ፣ «ውሉ ዲሴምበር 31 ያበቃል፤ አናድስም» ብሎ፣ በውሉ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ፣ የተረካቢው ፊርማ በሚመለስበት የአደራ ፖስታ ይላካል። ውሉ «ይድረሰን» ካለ የሚቆጠረው የደረሰበት ቀን ነው።

ቀኑ ካለፈስ?

የግዛቲቱ ሕግ፣ አንቀጽ 5-903፣ አንድ ቀዳዳ ትቷል። ጠጋኙ ድርጅት ከቀነ ገደቡ ከ15 እስከ 30 ቀን ቀደም ብሎ፣ እዚህ ላይ ከኦክቶበር 2 እስከ 17፣ ስለ እድሳቱ በጽሑፍ ካላስታወሰ፣ እድሳቱን ማስፈጸም አይችልም። በየወሩ የሚታደስ ውል ግን በዚህ አይሸፈንም።