አራት ጥናት፣ አንድ አንቀጽ
ስለ ኢ-መደበኛ ሥራ የተጻፉ ጥናቶችን ከመዘርዘር ወደ ማዋሃድ

የመመረቂያ ጽሑፍ ያማከረ መምህር ሁሉ አንድ ምዕራፍ ያስቸግረዋል፤ ክለሳ ድርሳናት የሚባለው። ተማሪው ከጉሊት ነጋዴዎችና ከቀን ሠራተኞች ጋር ወራት አሳልፎ፣ ያየውን በደንብ ይተርካል። የቀደሙ ጥናቶችን ወደሚያቀርብበት ምዕራፍ ሲደርስ ግን ጽሑፉ የክፍል ስም ጥሪ ይሆናል። እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት ይህን አገኘች፣ እነ እገሌ ደግሞ ያንን ደረሱበት። አማካሪው ኅዳጉ ላይ «ይህ ዝርዝር ነው፤ አዋህደው» ብሎ ይመልስለታል። ተማሪውም የሚያደርገው ግራ ገብቶት በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል «በተመሳሳይ መልኩ» እና «በሌላ በኩል» ጨምሮ መልሶ ያስገባል።

ችግሩ ግን የማያያዣ ቃል እጥረት አይደለም። አራት ጥናቶችን ወስደን አንዲት አንቀጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብንሠራ ልዩነቱ የት እንዳለ ይታያል። ጥያቄያችን በመስኩ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ ነው፤ ሰው ኢ-መደበኛ ሥራ ውስጥ የሚገኘው ሌላ አጥቶ ነው ወይስ መርጦ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዝርዝሩ ምን ይመስላል

ተማሪያችን መጀመሪያ የሚጽፈው ይህን ነው እንበል፦

> ሃርት (1973) በአክራ ባደረገው ጥናት የከተማዋ ድሆች ሥራ ፈት ሳይሆኑ በልዩ ልዩ መንገድ ገቢ እንደሚያገኙ አሳይቷል። ማሎኒ (1999) በሜክሲኮ ከተሞች ሠራተኞች በመደበኛና በኢ-መደበኛ ሥራ መካከል እንደሚዘዋወሩ ደርሶበታል። ጉንተርና ላውኖቭ (2012) በኮትዲቯር ኢ-መደበኛው ዘርፍ አንድ ወጥ አለመሆኑን ገልጸዋል። ብላትማንና ደርኮን (2018) በኢትዮጵያ የፋብሪካ ሥራ የሠራተኞችን ገቢ እንዳልጨመረ አግኝተዋል።

እዚህ ውስጥ የተሳሳተ ነገር የለም፤ አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው። ነገር ግን የሁለተኛውንና የአራተኛውን ቦታ ብንለዋውጥ አንቀጹ ምንም አይጎድልበትም። ጸሐፊው ራሱን የሚፈትንበት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ቢዘበራረቁ ትርጉሙ የማይናጋ ከሆነ አንዱ በሌላው ላይ አልቆመም ማለት ነው። ሌላው ምልክት ደግሞ አራቱም የሚጀምሩት በሰው ስም መሆኑ ነው። አንቀጹ ስለ አጥኚዎቹ እንጂ ስለ ሥራ ገበያው አይናገርም።

ከመጻፍ በፊት ያለው ሠንጠረዥ

የማዋሃዱ ሥራ የሚያልቀው አንቀጹ ከመጻፉ በፊት፣ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ጥናቶቹ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ ወደ ጎን ደግሞ አምስት ዓምድ ይሰመራል። ማን ተጠና? «ኢ-መደበኛ» የተባለው ምንድን ነው? አጥኚው ይህን በምን ዘዴ አወቀ? ለምን ያህል ጊዜ ተከታተለ? ለእኔ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ምንድን ነው? ከሁሉም የሚከብደው አምስተኛው ዓምድ ነው፤ የሚጻፍበት አጥኚው በማጠቃለያው ያለው ሳይሆን ሥራው ለኛ ጥያቄ የሚመልሰው ነውና።

ዓምዶቹን እንሙላ። ኪት ሃርት የአንትሮፖሎጂ ሰው ነው፤ ኒማ በሚባለው የአክራ ሰፈር ከሰሜን ጋና ከመጡ ሰዎች ጋር ኖሮ አጥንቷል። ለጥያቄያችን ዋናው ግኝቱ ሥራ ፈት የተባሉት ሰዎች ይሠሩ እንደነበር ብቻ አይደለም። ደመወዝተኞቹም በጎን ይነግዱ ነበር። እንግዲህ በመደበኛና በኢ-መደበኛ መካከል ያለው ድንበር አንዳንዴ በአንድ ሰው ኑሮ ውስጥ ያልፋል።

ዊሊያም ማሎኒ በየሩብ ዓመቱ የሚካሄደውን የሜክሲኮ የከተማ ሥራ መጠይቅ ተጠቅሞ የአንድ ሰው ሥራ እንዴት እንደሚለዋወጥ ተከታተለ። ኢ-መደበኛ ሥራ ደመወዝ እስኪገኝ ተራ የሚጠበቅበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ፍልሰቱ በአብዛኛው ወደ መደበኛው ብቻ በሆነ ነበር። እሱ ያገኘው ግን በሁለቱም አቅጣጫ ሰፊ ዝውውር ነው። ሆኖም መዘዋወር ምክንያትን አይናገርም፤ ደመወዙን ትቶ ሱቅ የከፈተና ተባሮ ሱቅ የከፈተ ሰው በመጠይቁ ላይ አንድ ዓይነት እርምጃ ነው ያላቸው።

ኢዛቤል ጉንተርና አንድሬ ላውኖቭ የተነሡት ከዚህ ነው። የኮትዲቯርን የቤተሰብ መጠይቅ በስታቲስቲክስ ሞዴል ተንትነው ኢ-መደበኛው ዘርፍ ቢያንስ ሁለት ክፍል እንዳለው ገመቱ። አንዳንዱ እዚያ የሚገኘው ከችሎታው አንፃር ስለሚያዋጣው ነው፤ ሌላው ግን የተሻለው ቦታ መግቢያ ስላጣ ነው።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ካመለከቱ አንድ ሺህ ከማይሞሉ ሰዎች መካከል በዕጣ ለአንዳንዶቹ ሥራው ተሰጣቸው፤ ለአንዳንዶቹ 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አላገኙም። ሥራው ከደረሳቸው ሲሶው ገደማ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ በዓመቱ ውስጥ የለቀቁት ሦስት አራተኛ ደረሱ። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘቡን ያገኙት ከባዶዎቹ በአንድ ሦስተኛ ገደማ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። የፋብሪካው ሥራ የደረሳቸው ግን በገቢ አልተሻሻሉም፤ የጤና ችግራቸውም ጨመረ። እነዚሁ ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ይህን የኋለኛውን ውጤት ሁለቱ ከሳይመን ፍራንክሊን ጋር ሆነው በ2022 አሳትመውታል።

አሁን ሠንጠረዡን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን እናንብበው። መልሶቹ የሚጋጩ የመሰሉት ጥናቶቹ ኢ-መደበኛውን ሥራ ከተለያየ ነገር ጋር ስላነጻጸሩ ነው። ሰው «መረጠ» ወይም «ተገደደ» የሚባለው በሌላው እጁ ያለው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ክፍያው ከውጭው የማይሻል፣ ለጤናም የሚያሰጋ የፋብሪካ ሥራ ቢቀር ጉዳት አይመስልም። ጥሩ ደመወዝና ዋስትና ያለው ሥራ ሲሆን ግን መግቢያ ማጣት ጉዳት ነው። ይህች ሐሳብ ከአራቱ በአንዱም ላይ ብቻዋን የለችም፤ የምትወጣው ሲገናኙ ነው። የአንቀጹ አከርካሪም እሷ ናት።

አንቀጹ እንደገና

> ኢ-መደበኛ ሥራ ሌላ ላጡ ሰዎች ብቻ የቀረ መጠጊያ ነው የሚለው አመለካከት ከቀድሞ ጀምሮ ሲፈተን ቆይቷል፤ በአክራ ደመወዝተኞች ራሳቸው በጎን ይነግዱ ነበር (ሃርት 1973)፤ በሜክሲኮ ከተሞችም ዝውውሩ በሁለቱም አቅጣጫ ነበር (ማሎኒ 1999)። ይሁን እንጂ ዝውውር መኖሩ ሁሉም ወዶ ገባ አያሰኝም። የኮትዲቯር መረጃ ሲተነተን ሥራው ስለሚያዋጣቸው የገቡና ሌላ መግቢያ አጥተው የቀሩ ሰዎች በአንድ ገበያ ጎን ለጎን እንደሚገኙ ይገመታል (ጉንተርና ላውኖቭ 2012)። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን በከፊል የሚወሰነው በመደበኛው በኩል የቀረበለት ሥራ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ሳይሆን አይቀርም። በኢትዮጵያ የፋብሪካ ሥራ በዕጣ ከደረሳቸው አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል፤ ገቢያቸውም ካልደረሳቸው አልበለጠም (ብላትማንና ደርኮን 2018)። በአንጻሩ መነሻ ገንዘብ ያገኙት ያሳዩት ብልጫ እስከ አምስተኛው ዓመት አልዘለቀም (ብላትማን፣ ደርኮንና ፍራንክሊን 2022)፤ ስለዚህ ፋብሪካውን መልቀቅ ወደ ተሻለ የግል ሥራ መሻገር ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ከዚህም በላይ የተጠኑት ለፋብሪካ ያመለከቱ ሰዎች ናቸው፤ ከመጀመሪያውም ያላመለከቱት ምን ከምን ጋር አነጻጽረው እንደወሰኑ ከዚህ ውጤት አይታወቅም።

ስሞቹ ወደ ቅንፍ ገቡ፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አሁን ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ ይናገራሉ። «ይሁን እንጂ» እንደ ጌጥ የገባ አይደለም፤ ማሎኒ ሳይቀድም «ዝውውር መኖሩ» ማለት አይቻልምና። የግሶቹንም ክብደት ልብ ይሏል። በሞዴል የተደረሰበት «ይገመታል»፣ በዕጣ የተፈተነው «ለቀዋል» ተብሏል። ጸሐፊው ራሱ ጥናቶቹን አገናኝቶ ያመጣው ደግሞ «ሳይሆን አይቀርም» ይላል፤ አጠገቡም የማንም ስም በቅንፍ አልገባም። የራስን ሐሳብ በሌላ ሰው ስም ማሳለፍ እንዲህ ባለው አንቀጽ ውስጥ በቀላሉ የሚፈጸም ጥፋት ነው።

የሚያዳልጥ ቦታ

ሁለተኛው ዓምድ ችላ ከተባለ ማዋሃዱ ከዝርዝሩ የባሰ ያሳስታል። የዓለም አቀፉ ሥራ ድርጅት የሚጠራው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በ1993 «ኢ-መደበኛ ዘርፍ»ን የበየነው በድርጅቱ ዓይነት ነበር። በ2003 ደግሞ «ኢ-መደበኛ ሥራ»ን በራሱ በሥራው ሁኔታ የሚለካ መመሪያ ተጨመረ። ንግድ ፈቃድ ባለው ትልቅ ተቋራጭ ሥር፣ ያለ ውልና ያለ ጡረታ መዋጮ ሲሚንቶ የሚሸከም የቀን ሠራተኛን እንውሰድ። በመጀመሪያው መለኪያ ከኢ-መደበኛው ውጭ ነው፤ በሁለተኛው ውስጥ ነው። አንዱን ጥናት በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ለክቶ «ኢ-መደበኛነት ጨመረ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ያወዳደረው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። ብያኔዎቹ ካልተገጣጠሙ ይህንኑ በአንቀጹ ውስጥ መናገር ይገባል። አንዳንዴ የግኝቶቹ ልዩነት መነሻው ይኸው ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ የአንቀጹ ዋና ነጥብ እሱ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በግድ ማስማማት ነው። ጥናቶች የእውነት ሲለያዩና ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር «ውጤቶቹ የተደበላለቁ ናቸው» ብሎ መዝጋት የተለመደ ነው። ከዚያ የሚሻለው የት ላይ እንደሚለያዩ ለይቶ መጻፍና ልዩነቱን ለመፍታት ምን ዓይነት መረጃ እንደሚያስፈልግ መናገር ነው።

በምሳሌያችን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ያደረገው ይህንኑ ነው። ተማሪው የሚያጠናው ፋብሪካ ደጅ ሄደው የማያውቁ የጉሊት ነጋዴ እናቶችን ከሆነ ለምን እነሱን እንደመረጠ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መጠይቁን ሲያዘጋጅም የመጀመሪያው ጥያቄ ከአንቀጹ ይወጣለታል፤ «ይህን ሥራ ባይሠሩ ኖሮ በእጅዎ የነበረው ሌላ ሥራ ምን ነበር? ስንትስ ይከፈልበት ነበር?»