ሦስቱ የስሕተት መለኪያዎች፦ የትኛው መቼ ያሳስታል?

የስታቲስቲክስ ባለሙያው ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 እ.ኤ.አ. አራት ትንንሽ የቁጥር ሰንጠረዦችን አሳትሞ ነበር። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ የያዘው አሥራ አንድ ጥንድ ቁጥሮችን ብቻ ነው። አማካያቸው እኩል ነው፤ ከአራቱም የሚወጣው ቀጥተኛ መስመርም አንድ ዓይነት ነው። መስመሩ ምን ያህል እንደሠራ ይናገራል የሚባለው አር ስኩዌር እንኳ በአራቱም 0.67 ነው። በግራፍ ሲነደፉ ግን አንዱ ከሌላው ፈጽሞ አይገናኝም። ከአራቱ ሦስተኛው፣ የግምትን ስሕተት የምንለካባቸው ሦስት መንገዶች እንዴት እርስ በርስ እንደሚጣሉ ከሁሉም በላይ አጉልቶ ስለሚያሳይ እሱን ይዘን እንሂድ።

ሪግረሽን ከምናውቀው ቁጥር ተነሥተን የማናውቀውን መገመት ነው፤ ከቤቱ ስፋት ኪራዩን፣ ከዝናቡ መጠን የእርሻውን ምርት። በእውነተኛው ቁጥርና በግምቱ መካከል ያለው ልዩነት ስሕተት ይባላል። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ስሕተቶችን በአንድ ቁጥር ለመግለጽ ስንሞክር ነው። ስሕተቶቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን አማካያቸውን ብንወስድ አማካይ ስኩዌር ስሕተት እናገኛለን፤ ኮምፒውተር ላይ MSE ተብሎ የሚታየው ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክታቸውን ትተን መጠናቸውን ብቻ ብናማክል ደግሞ አማካይ ፍጹም ስሕተት ይሆናል፤ ይኸኛው MAE ነው። ሦስተኛው R² ወይም አር ስኩዌር ነው፤ እሱ ስሕተቱን ከሌላ ነገር ጋር ያነጻጽራል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በአንስኮምብ ሦስተኛ ሰንጠረዥ አሥሩ ነጥቦች ያለ ምንም መዛነፍ በሚባል ደረጃ በአንድ መስመር ላይ ተሰልፈዋል። አሥራ አንደኛው ብቻ አፈንግጧል፦ x 13 ሲሆን፣ የሌሎቹ አካሄድ ወደ 8.5 ያደርሰን ነበር፤ የተመዘገበው y ግን 12.74 ነው። ለዚህ ሰንጠረዥ ሁለት መስመሮችን እናወዳድር። የመጀመሪያው የስኩዌር ስሕተትን ዝቅተኛ የሚያደርገው የተለመደው መስመር ነው። ሁለተኛው አፈንጋጩን ነጥብ ትቶ በአሥሩ ላይ የሚያልፈው ነው።

| መስመር | MSE | MAE | R² |
|---|---|---|---|
| `y = 3 + 0.5x` | 1.25 | 0.72 | 0.67 |
| `y = 4.01 + 0.345x` | 1.64 | 0.39 | 0.56 |

በስኩዌር ስሕተትም በአር ስኩዌርም የመጀመሪያው መስመር አሸናፊ ነው። በፍጹም ስሕተት ግን ሁለተኛው በሰፊ ልዩነት ይበልጣል። ሁለተኛው መስመር አሥሩን ነጥቦች በመቶኛ ደረጃ እንኳ ሳይስት የሚገምት ነው፤ የመጀመሪያው ግን ብዙዎቹን ትንሽ ትንሽ ይስታል። x 14 ላይ ለምሳሌ የመጀመሪያው በ1.16 ያልፈዋል፤ ሁለተኛው ቁጭ ይልበታል።

ምክንያቱ ከስኩዌሩ ነው። የመጀመሪያው መስመር አፈንጋጩን ነጥብ በ3.24 ይስተዋል። ይህ በራሱ ሲባዛ 10.5 ይሆናል። የአሥራ አንዱም ስሕተቶች ስኩዌር ሲደመር 13.76 ስለሆነ፣ ከጠቅላላው ሦስት አራተኛው የአንድ ነጥብ ጦስ ነው። መስመሩም ያን አንድ ነጥብ ለማባበል ሲል ሌሎቹን አሥሩን አስቀይሞ ወደ ላይ ያዘነብላል።

እንዲህ ያለውን ነገር ግራፍ ሳንነድፍ የምንጠረጥርበት ቀላል ዘዴ አለ። የስኩዌር ስሕተቱን ሥር እናውጣ፤ ያን ጊዜ መለኪያው ለምሳሌ ከ«ብር በብር» ወደ ተራ ብር ስለሚመለስ ከፍጹም ስሕተቱ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ለሁለተኛው መስመር ሥሩ 1.28፣ ፍጹም ስሕተቱ 0.39 ነው። አንዱ የሌላው ከሦስት እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ስሕተቱ በሁሉም ላይ የተከፋፈለ ሳይሆን በጥቂት ነጥቦች ላይ የተከማቸ መሆኑን ይነግረናል።

ታዲያ ፍጹም ስሕተት ሁልጊዜ ይሻላል? አይደለም። 12.74 የጸሐፊ ስሕተት ከሆነ ሁለተኛው መስመር ልክ ነው። የወንዝ ሙላት ልኬት ከሆነ ግን ሊያመልጠን የማይገባው እሱ ነው፤ ፍጹም ስሕተትም ዝቅ ያለ ቁጥር እያሳየ ጎርፉን ይሸፍንብናል።

የባሰም አለ። አንድ መድኃኒት ቤት አልፎ አልፎ ብቻ የሚፈለግ መድኃኒት አለው እንበል። ከአሥር ቀን በስድስቱ አንድም አይሸጥም፤ በቀሩት አራት ቀናት አምስት አምስት ይሸጣል። «በየቀኑ ዜሮ» ብለን ብንገምት የስሕተቱ ድምር 20፣ አማካዩ 2 ይሆናል። «በየቀኑ ሁለት» ብንል፣ እውነተኛው አማካይ ሽያጭ ሆኖ ሳለ፣ ፍጹም ስሕተቱ 2.4 ይወጣል። መለኪያው «ምንም አታስመጡ» የሚለውን መረጠ ማለት ነው፤ መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። በስኩዌር ስሕተት ዜሮው 10፣ ሁለቱ 6 ያገኛሉ፤ እዚህ ትክክለኛውን የመረጠው ስኩዌሩ ነው። ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ ፍጹም ስሕተት ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ ወደሚውለው ይስባል፤ ስኩዌር ስሕተት ወደ አማካዩ ይስባል። ድምሩ የሚያስፈልገው ሰው የሚፈልገው አማካዩን ነው።

አር ስኩዌር የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሁልጊዜ አማካዩን ብቻ ከሚገምት ሰው ምን ያህል ተሻልን?

`R² = 1 − MSE / var(y)`

አካፋዩ የመረጃው ስርጭት፣ ማለትም ቫሪያንሱ ነው፤ መዘዙም ከዚያ ይመጣል። የቤት ኪራይ የሚገምት ሞዴል በሺህ ብር ሲሰላ የስኩዌር ስሕተቱ 4 ነው እንበል፤ በግርድፉ በሁለት ሺህ ብር ይስታል። ከቪላ እስከ አንድ ክፍል ቤት በተቀላቀለበት፣ ቫሪያንሱ 100 በሆነ የከተማ መረጃ ላይ አር ስኩዌሩ 0.96 ነው። ቤቶቹ በሚመሳሰሉበት፣ ቫሪያንሱ 5 በሆነ አንድ ሰፈር ላይ 0.20 ይሆናል። ተከራዩ የሚደርስበት ስሕተት ግን ያው ሁለት ሺህ ብር ነው። ስለዚህ በተለያየ መረጃ ላይ የተሰሉ ሁለት አር ስኩዌሮችን ማወዳደር ትርጉም የለውም።

የመስመሩ ቅርጽ ልክ መሆኑንም አር ስኩዌር አይናገርም። በአንስኮምብ ሁለተኛ ሰንጠረዥ ነጥቦቹ የተስተካከለ ኩርባ ሠርተዋል፤ ቀጥተኛ መስመር ቦታው አልነበረም። በአራተኛው አሥሩ ነጥቦች x 8 ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የመስመሩን አቅጣጫ የወሰነው x 19 ላይ ያለው ብቸኛ ነጥብ ነው። ሁለቱም 0.67 ተሰጥቷቸዋል። በሞዴሉ ላይ አዲስ ተለዋዋጭ በጨመርን ቁጥር፣ የማይረባ ቢሆን እንኳ፣ በሠለጠነበት መረጃ ላይ አር ስኩዌር አይወርድም። ባልታየ መረጃ ላይ ግን ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ አማካዩን መገመት ከሞዴሉ ይሻላል ማለት ነው።

ሞዴል የሚያቀርብልዎ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ከሰጠዎ አይቀበሉት። ባልታየ መረጃ ላይ የተሰላውን ፍጹም ስሕተትና የስኩዌር ስሕተቱን ሥር በብር ወይም በኪሎ ይጠይቁት፤ የስሕተቶቹንም ግራፍ ያሳይዎ። አንድ የአሥር ብር ስሕተት ከአሥር የአንድ ብር ስሕተቶች የባሰ የሚጎዳዎ ከሆነ በስኩዌር ይፍረዱ፤ ጉዳቱ እኩል ከሆነ በፍጹሙ። አር ስኩዌርን በአንድ መረጃ ላይ ሁለት ሞዴሎችን ከማወዳደር አልፈው አይመኑት።