ገንዘቡ ከእኔ ወጥቷል፤ ታዲያ የት ገባ?

ሐሙስ ማታ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ግን ጠቁሮ፣ መሐሉ ላይ ካርዱ አልተፈቀደለትም የሚል ጽሑፍ ተገትሮበታል። «ትናንት ከፍያለሁ ብለሽኝ አልነበር እንዴ?» አለችኝ እናቴ። ከፍያለሁ። የወሩ ሂሳብ ከባንክ ደብተሬ መቀነሱን የሚገልጽ መልእክት ስልኬ ላይ አለ። ለድርጅቱ ደውዬ መልእክቱን አነበብኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ የካርዱን ቁጥር ጠይቃኝ ካየች በኋላ፣ «በዚህ ካርድ የገባ ክፍያ የለም» አለችኝ።

ሁለታችንም ያልነው እውነት ነበር። ይህን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ሌላው ሰው ግን ይህን ያህል ጊዜ ማጥፋት የለበትም።

በሞባይል ባንኪንግ ወይም በቴሌብር የምንከፍለው የዲሽ ሂሳብ ሦስት ደጃፍ ያልፋል። መጀመሪያ ከእኛ ሂሳብ ይወጣል። ቀጥሎ ወደ ድርጅቱ መሰብሰቢያ ሂሳብ ይገባል። መጨረሻ ላይ የድርጅቱ ኮምፒውተር ገንዘቡን በአንድ ደንበኛ ቁጥር ሥር መዝግቦ ለዚያ ካርድ ፈቃድ ይልካል። «ከሂሳብዎ ተቀንሷል» የሚለው አጭር መልእክት የሚመሰክረው ለመጀመሪያው ደጃፍ ብቻ ነው። ክፍያው ድርጅቱ ጋ መድረሱን ማስረዳት የፈለገ ሰው የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ማስረጃ መያዝ አለበት።

ማስረጃው ያለው ሙሉው ደረሰኝ ላይ ነው። የባንኩን ወይም የቴሌብርን መተግበሪያ ከፍቶ፣ ካለፉት ክፍያዎች ዝርዝር ውስጥ ያንን ክፍያ መርጦ ደረሰኙን ማውጣት ነው። እዚያ ላይ አራት ነገር ይፈለጋል፦ የግብይት ቁጥሩ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የተቀባዩ ስም፣ የተከፈለለት የደንበኛ ወይም የስማርት ካርድ ቁጥር። የስክሪኑን ፎቶ ከማንሳት ደረሰኙን በፋይል አውርዶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ፎቶ ሲቆረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ዋናው ቁጥር ነው።

ከአራቱ መጀመሪያ የሚታየው የተቀባዩ ስም ነው። ብዙ ሰው ሰፈሩ ላለ ሱቅ ወይም ወኪል ገንዘቡን ያስተላልፍና ወኪሉ በራሱ ስልክ እንዲከፍልለት ያደርጋል። እንዲህ ከሆነ በእጃችን ያለው ደረሰኝ የሚለው «ለወኪሉ ሰጥቻለሁ» ነው፤ ለድርጅቱ መድረሱን አይነግርም። ወኪሉ ለድርጅቱ የከፈለበትን ደረሰኝ እዚያው እንደቆምን እንዲልክልን መጠየቅ ነውር የለውም። ክርክር ሲነሳ ድርጅቱ የሚፈልገው የእሱን የግብይት ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ቀንና ሰዓቱ። እኔ የከፈልኩት ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ 2:47 ላይ ነበር። በስልክ ግን «ሃያ ስምንት፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት» ብቻ አልኩ። ልጅቷ ጃንዋሪ 28ን ከፍታ ፈለገች፤ ምንም አላገኘችም። የባንክ ሥርዓት የሚቆጥረው በፈረንጆች ነው፤ የእኔ ክፍያ የተመዘገበው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2025፣ 20:47 ላይ ነው። በአንዳንድ ባንኮች የግብይት ቁጥሩ ራሱ ቀኑን ይናገራል። የእኔ FT25036 ብሎ ይጀምራል፦ 25 ዓመቱ 2025 መሆኑን፣ 036 ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ 36ኛው ቀን መሆኑን ይገልጻል። 36ኛው ቀን ፌብሩዋሪ 5 ነው፤ በእኛ ጥር 28። ስለዚህ በቃል ቀን ከመናገር ደረሰኙ ላይ ያለውን ቀንና የግብይት ቁጥር እንዳለ ማንበብ ይበጃል።

የእኔ ጉድለት የወጣው ግን ከአራተኛው ነው። ደረሰኙ ላይ ያለውን የካርድ ቁጥር ሪሲቨሩ ላይ ካለው ጋር አሃዝ በአሃዝ ሳስተያይ አይገናኝም። ለካ አምና የተበላሸው አሮጌ ሪሲቨር ቁጥር መተግበሪያው ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ እኔም ሳላየው እሱን ነክቼ ከፍያለሁ። ገንዘቡ ድርጅቱ ጋ ደርሷል፤ የገባው ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ላለ፣ ማንም ለማይከፍተው ካርድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ቦታ አለ፤ ከሪሲቨሩ ሥር የተለጠፈውን የዕቃውን መለያ ቁጥር የካርድ ቁጥር አድርጎ ያስገባል። ትክክለኛው ካርዱ ላይ ታትሟል፤ በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ስለ ዕቃው መረጃ በሚሰጠው ገጽም ይገኛል።

እንግዲህ ስንደውል «ከፍያለሁ» ማለቱን ትተን «ይህ የግብይት ቁጥር በየትኛው የደንበኛ ቁጥር ሥር ገብቷል? ሂሳቤስ እስከ መቼ ተከፍሏል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ከአራት አንዱ ነው። ገንዘቡ በሌላ ካርድ ገብቶ ከሆነ፣ ደረሰኙንና ሁለቱን የካርድ ቁጥሮች ልኮ እንዲዛወር መጠየቅ ነው። ገብቶ ሂሳቡ ግን ካልሞላ፣ ምናልባት የጥቅሉ ዋጋ ጨምሮ በአሮጌው ዋጋ ከፍለናል፤ የጎደለችው ትንሽ ብትሆንም ጣቢያው ተዘግቶ ይቆያል። ጭራሽ ካልገባ፣ ጉዳዩ የባንኩ ወይም የቴሌብር ነው። ክፍያው ተንጠልጥሎ ቆይቶ ወደ ሂሳባችን ሊመለስ ስለሚችል፣ ሁኔታው ሳይታወቅ ደግሞ መክፈል አያስፈልግም። ለባንኩ አቤቱታውን በጽሑፍ አቅርቦ የተቀበሉበትን ቁጥር መያዝ ነው፤ ባንኩ ካልፈታው ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚወሰደው ይኸው ወረቀት ነው።

አራተኛው መልስ «ክፍያው ገብቷል፣ ካርዱም ክፍት ነው» የሚል ነው፤ ስክሪኑ ግን አሁንም ጥቁር። ይህ ሰውን ያበሳጫል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ፈቃዱ ለካርዱ የሚደርሰው በሳተላይቱ በኩል፣ በዲሹ ነው። ሪሲቨሩ በበኩሉ «ደረሰኝ» ብሎ የሚመልስበት መንገድ የለውም። መልእክቱ በሚላክበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ወይም ሪሲቨሩ ተዘግቶ ከነበረ አልፎት ሄዷል። ሪሲቨሩን አብርቶ፣ የተከፈለበት ጥቅል ውስጥ ያለ ጣቢያ ላይ አድርጎ፣ ፈቃዱ በድጋሚ እንዲላክ መጠየቅና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያጠፉ መጠበቅ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ኮድም ማንበብ ይጠቅማል። ለምሳሌ በዲኤስቲቪ E16 የፈቃድ ነገር ሲሆን፣ E48-32 ግን ከዲሹ ሲግናል አልመጣም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ክፍያ መከራከሩ ትርጉም የለውም፣ ዲሹንና ገመዱን ማየት ነው።

ዓርብ ጠዋት ደረሰኙን ከሁለቱ የካርድ ቁጥሮች ጋር ላክሁ፤ ከሰዓት በኋላ ክፍያው ተዛወረ። ሪሲቨሩን እንዳታጠፋው ለእናቴ ደውዬ ነግሬ ነበርና ስደርስ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ያን ማታ ሁለት ነገር አደረግሁ። አሮጌውን ቁጥር ከመተግበሪያው ሰረዝኩ። አዲሱን ደግሞ በነጭ ፕላስተር ላይ በጉልህ ጽፌ ሪሲቨሩ ፊት ለፊት ለጠፍኩት፤ ከእንግዲህ ወንድሜ ሲከፍልም፣ ዱባይ ያለችው እህቴ ስትከፍልም፣ እናቴ በስልክ የምታነብላቸው ያንኑ ቁጥር ነው።